አምስት ካርታ ሲታደል ፍላሽ የመድረስ ዕድል፦ በኮምቢኔሽን ደረጃ በደረጃ ማስላት

አራት ኪሎ አካባቢ ሒሳብ አስጠናለሁ። ፕሮባቢሊቲ ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣል። "ቲቸር፣ ፍላሽ የመድረስ ዕድል ስንት ነው?" ጥያቄው ከክፍል ውጭም ይከተለኛል። ቡና ስጠጣ ከጎኔ ካርታ የሚጫወቱ ልጆች ይጠይቁኛል፤ በስልክም ይመጣል። ሁሌ በናፕኪን ላይ እየጻፍኩ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

እዚህ የምንሠራው አምስት ካርታ ታድሎ፣ ያልተፈለገው ተጥሎ፣ በምትኩ አዲስ የሚወሰድበትን ፖከር ነው። ፋይቭ ካርድ ድሮው ይሉታል። ፍላሽ ማለት አምስቱም ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ሲኖራቸው ነው፤ ለምሳሌ አምስቱም ልብ ሲሆኑ። የሌሎቹን እጆች ዕድል አንድ በአንድ አላሰላም። ፍላሽን ከሥሩ ከገባችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ሙሉ ካርታ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- nCr የሚል ቁልፍ ያለው ካልኩሌተር፤ ከሌለ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል
- ለመጨረሻው ደረጃ አንድ ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ

ደረጃ 1፦ ካርታውን ቁጠሩ

ጆከሮቹን አውጡና የቀረውን ቁጠሩ። 52 መሆን አለበት። አራት ምልክት አለ፦ ልብ ♥፣ ዳይመንድ ♦፣ ክለብ ♣ እና ስፔድ ♠። እያንዳንዱ 13 ካርታ አለው። በሰፈራችሁ በሌላ ስም ብትጠሯቸው ችግር የለም፤ ስሌቱ የሚፈልገው አራት ምልክት መሆናቸውንና 13፣ 13 መሆናቸውን ብቻ ነው።

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ቤት ውስጥ የቆየ ካርታ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ይጎድለዋል። አንዲት ልብ ከጠፋች የልብ ቁጥር 12፣ ጠቅላላው 51 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከታች የምታዩት ቁጥር አንዱም አይሠራላችሁም። ጆከር ከተረሳም እንዲሁ ነው፤ ጆከር ምልክት የለውም፣ ጠቅላላውን ግን ያሳድገዋል።

ደረጃ 2፦ የምትጠይቁትን ነገር ለዩ

"ፍላሽ የመድረስ ዕድል" የሚለው አንድ ጥያቄ ይመስላል። ውስጡ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦

ሀ. መጀመሪያ በታደሉኝ አምስት ካርታዎች ፍላሽ የመምጣት ዕድል።

ለ. አራት ልብ ይዤ አንዷን ብቀይር ፍላሽ የመሙላት ዕድል።

ሐ. ገና ካርታ ሳልይዝ፣ መቀየሩም ተጨምሮ በመጨረሻ ፍላሽ ይዤ የመገኘት ዕድል።

መልሶቻቸው በጣም ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ከመቶ 0.2 አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው 19፣ ሦስተኛው 1። ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ሲከራከሩ ካያችሁ ብዙ ጊዜ አንዱ ሀን፣ ሌላው ለን እያሰበ ነው። ሁለቱም ልክ ሆነው ይጣላሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት።

ደረጃ 3፦ ኮምቢኔሽንን በስፕሪስ ተረዱት

ጁስ ቤት ገብታችኋል እንበል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን አለ። ሁለት ዓይነት የተቀላቀለበት ስፕሪስ ልታዙ ነው። ስንት ዓይነት ስፕሪስ ይቻላል?

ለመጀመሪያው ጁስ 4 ምርጫ አላችሁ፤ ለሁለተኛው 3 ይቀራል። 4 × 3 = 12። ግን "አቮካዶና ማንጎ" ያለውም "ማንጎና አቮካዶ" ያለውም የሚቀርብለት አንድ ነው። እያንዳንዱ ስፕሪስ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ስለዚህ 12ን ለ2 እናካፍላለን፤ 6 ዓይነት ይሆናል። ካላመናችሁ በጣታችሁ ቁጠሩት።

ሦስት ዓይነት ብትቀላቅሉስ? 4 × 3 × 2 = 24። ሦስት ነገር ደግሞ በ3 × 2 × 1 = 6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊጠራ ይችላል። 24 ÷ 6 = 4። ይህም ልክ ነው፤ ከአራቱ አንዱን መተው ማለት ስለሆነ አራት መንገድ አለው።

ኮምቢኔሽን ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ ቅደም ተከተል እንዳለው አድርጋችሁ ታባዛላችሁ። ከዚያ አንዱ ምርጫ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አይታችሁ ታካፍላላችሁ። ከ4 ሁለት መምረጥን C(4,2) ብለን እንጽፈዋለን። ካርታም እንደ ስፕሪሱ ነው። ኪንግ ቀድሞ መጣ፣ 3 ቀድሞ መጣ፣ እጃችሁ ላይ ሲገባ ያው ነው።

ደረጃ 4፦ ሊታደሉ የሚችሉትን እጆች በሙሉ ቁጠሩ

ከ52 ካርታ 5 መምረጥ ነው። ለመጀመሪያው ካርታ 52 ምርጫ አለ፣ ለሁለተኛው 51፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል።

```
52 × 51 × 50 × 49 × 48 = 311,875,200
5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120
C(52,5) = 311,875,200 ÷ 120 = 2,598,960
```

በ120 የምናካፍለው አምስት ካርታ በ120 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊታደል ስለሚችል ነው። ሊመጡ የሚችሉት እጆች 2,598,960 ናቸው። ካርታው በደንብ ከተበወዘ እያንዳንዳቸው እኩል ዕድል አላቸው። የዚህ መመሪያ መሠረት ይህ "እኩል" የሚለው ቃል ነው፤ እኩል ካልሆኑ መቁጠር ብቻውን ዕድልን አይነግረንም። ደረጃ 9 ላይ እመለስበታለሁ።

ካልኩሌተር ላይ 52፣ ከዚያ nCr፣ ከዚያ 5 ትጫናላችሁ። ተጠንቀቁ፣ አጠገቡ nPr የሚል አለ። እሱ ቅደም ተከተልን ይቆጥራል። 311,875,200 ካወጣላችሁ የተሳሳተውን ተጭናችኋል ማለት ነው። ፓይተን የምትሞክሩ ደግሞ ይህ ይበቃችኋል፦

```
from math import comb
print(comb(52, 5))
```

ደረጃ 5፦ ፍላሽ የሆኑትን እጆች ቁጠሩ

ፍላሽ ለመሥራት ሁለት ውሳኔ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የትኛው ምልክት? 4 ምርጫ አለ። ቀጥሎ ከዚያ ምልክት 13 ካርታዎች የትኞቹ 5? C(13,5)።

```
13 × 12 × 11 × 10 × 9 = 154,440
C(13,5) = 154,440 ÷ 120 = 1,287
4 × 1,287 = 5,148
```

ለምን አባዛን? ለእያንዳንዱ ምልክት 1,287 እጅ አለ። ልብ የሆኑት ዳይመንድ ከሆኑት ጋር አይደራረቡም። አንድ እጅ አምስቱም ልብ ሆኖ በዚያው ጊዜ አምስቱም ዳይመንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አራቱን ክምር መደመር በቂ ነው፤ 4 እጥፍ ማለት ይህ ነው።

አሁን አንድ ማስተካከያ አለ። ከ5,148ቱ ውስጥ ተከታታይ ሆነው የሚመጡ አሉ፤ ለምሳሌ የልብ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9። እነዚህ ስትሬት ፍላሽ ይባላሉ፤ ከፍላሽ በላይ የሆነ የራሳቸው ደረጃ አላቸው። በአንድ ምልክት 10 አሉ። ዝቅተኛው ከአስ ጀምሮ እስከ 5 ያለው ነው፤ ከፍተኛው ከ10 ጀምሮ እስከ አስ። በአራቱ ምልክት 40 ይሆናሉ።

```
5,148 − 40 = 5,108
```

የመጻሕፍት መልስ አንዳንዴ 5,148፣ አንዳንዴ 5,108 የሚሆነው በዚህ ነው። አንዱ ስህተት አይደለም። 5,148 "አምስቱም አንድ ምልክት" ነው፤ 5,108 "ፍላሽ ብቻ፣ ስትሬት ፍላሽ ሳይጨምር" ነው። ፈተና ላይ ጥያቄው የቱን እንደሚል አንብቡ።

ደረጃ 6፦ አካፍሉ፣ ከዚያ በሌላ መንገድ አረጋግጡ

```
5,148 ÷ 2,598,960 ≈ 0.00198   (ከ505 አንድ ያህል)
5,108 ÷ 2,598,960 ≈ 0.00197   (ከ509 አንድ ያህል)
```

ከመቶ 0.2 ገደማ ነው። ከ10,000 እጅ 20 ያህሉ ማለት ነው።

ማረጋገጫው ኮምቢኔሽን አይጠቀምም፤ ለዚህ ነው የምወደው። ካርታው አንድ በአንድ ሲታደል አስቡት። የመጀመሪያው ካርታ ማንኛውም ይሁን፣ ምልክቱን የሚወስነው እሱ ነው። ልብ መጣ እንበል። ከቀሩት 51 ውስጥ 12 ልብ አለ። ሁለተኛውም ልብ ከሆነ ከቀሩት 50 ውስጥ 11 አለ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

```
12/51 × 11/50 × 10/49 × 9/48 ≈ 0.00198
```

ከ5,148ቱ ጋር ገጠመ። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ካልደረሱ አንዱ ላይ ስህተት አለ። ተማሪዎቼ ይህን ልማድ እንዲይዙ ሁሌ እወተውታለሁ፤ ኮምቢኔሽን ላይ ስህተት ድምፅ አያሰማም፣ ቁጥሩ ሁሌ ልክ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ509 አንድ ማለት 508 ጊዜ ካልመጣ ቀጣዩ ላይ ይመጣል ማለት አይደለም። ካርታው ያለፈውን አያስታውስም። 509 እጅ ታድላችሁ አንድም ፍላሽ ያለማየት ዕድላችሁ ከመቶ 37 ያህል ነው። "እስካሁን አልመጣም፣ አሁን ተራው ነው" ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 7፦ አራት ይዛችሁ አንድ ስትቀይሩ

አሁን ጥያቄ ለ ላይ ነን። የታደላችሁ እጅ ይህ ነው እንበል፦ የልብ ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 3 እና የስፔድ ጃክ። ጃኩን ጥላችሁ አንድ ትወስዳላችሁ።

ያያችሁት ካርታ 5 ነው። ያላያችሁት 52 − 5 = 47። ልብ በጠቅላላው 13 ነው፣ 4ቱ እናንተ ጋ ነው፣ 9 ይቀራል። ቆጥራችሁ አረጋግጡ፦ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ አስ።

```
9 ÷ 47 ≈ 0.191
```

ከመቶ 19 ነው። ከአምስት አንድ ጊዜ ትንሽ ያንሳል።

ማካፈያው ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንዱ 9/52 ነው፤ የያዙትን ካርታ ከጠቅላላው አለመቀነስ። ሌላው 9/48 ነው፤ የጣሉትን ጃክ መርሳት። ጃኩን ብትጥሉትም አይታችሁታል። ተመልሶ ሊመጣላችሁ አይችልም። ስለዚህ ይቀነሳል።

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ግን ይህ ነው፦ "ሌሎቹ ተጫዋቾችስ? እነሱም ልብ ይዘው ይሆናል። 47ቱ ሁሉ ክምሩ ላይ የሉም እኮ!" ጥሩ ጥያቄ ነው። በቀጥታ እንሥራው።

አራት ሰው ነው የሚጫወተው። 20 ካርታ ታድሏል፣ ክምሩ ላይ 32 ቀርቷል። እናንተ ያላያችኋቸው 47 ካርታዎች ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ 15 በሌሎቹ እጅ፣ 32 ክምሩ ላይ። 9ኙ ልብ የት እንዳሉ አታውቁም። በአማካይ ክምሩ ላይ የሚገኘው የልብ ብዛት 9 × 32/47 ነው፤ 6.13 ያህል። የላይኛው ካርታ ልብ የመሆኑ ዕድል ይህን ለ32 ስታካፍሉት የሚወጣው ነው።

```
(9 × 32/47) ÷ 32 = 9/47
```

32ቱ ተሰረዘ። በአምስት ሰውም፣ በሁለት ሰውም ሥሩት፤ እንዲሁ ይሰረዛል። ሌሎቹ ልብ ወስደው ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ልክ ልብ ያልሆነ ካርታ ወስደው ሊሆንም ይችላል። ካላያችሁት ሁለቱ ይካካሳሉ። የሌላ ሰው እጅ ውስጥ ያለ ያልታየ ካርታ፣ ክምሩ ሥር ካለ ካርታ በስሌቱ አይለይም።

ይህ የሚፈርሰው አንድ ካርታ በግልጽ ስታዩ ብቻ ነው። አዳዩ ሲያድል አንዲት ልብ ተገልብጣ ብትወድቅ የምታውቁት ተለወጠ። ያን ጊዜ የቀረው ልብ 8፣ ያልታየው 46 ነው። 8/46 ከመቶ 17.4 ይሆናል። የወደቀችው ስፔድ ብትሆን ደግሞ 9/46፣ ከመቶ 19.6።

ሦስት ልብ ይዛችሁ ሁለት ብትቀይሩስ? የቀሩት ልብ 10 ናቸው፤ ሁለቱም መምጣት አለባቸው። C(10,2) = 45፣ C(47,2) = 1,081። ሲካፈል ከመቶ 4.2 ነው፣ ከ24 አንድ። አንዲት ካርታ ማነስ ዕድሉን ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ አወረደው።

ደረጃ 8፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ለጥያቄ ሐ አንድ ነገር ይጎድለናል። ልክ አራት አንድ ዓይነት ምልክት የመታደል ዕድል ስንት ነው?

ውሳኔዎቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ምልክቱ የትኛው? 4። ከ13ቱ የትኞቹ አራት? C(13,4) = 715። አምስተኛዋ ካርታ? ከሌሎቹ ሦስት ምልክቶች አንዷ መሆን አለባት፣ 39 ምርጫ።

```
4 × 715 × 39 = 111,540
111,540 ÷ 2,598,960 ≈ 0.0429
```

ከመቶ 4.3፣ ከ23 እጅ አንድ ያህል።

በዚህ ቦታ ላይ ጎበዝ ተማሪዎችም ይወድቃሉ። ከ39 ይልቅ 48 ይጽፋሉ። "አራት ተወስዷል፣ 48 ቀርቷል፣ አምስተኛዋ ማንኛዋም ትሁን" ይላሉ። አሳማኝ ነው። ውጤቱ 4 × 715 × 48 = 137,280 ይሆናል። ልክ የሚመስል ቁጥር ነው፣ ግን ስህተት ነው።

ስህተቱ የት እንደገባ እንከታተለው። በ48ቱ ውስጥ 9 ልብ አለ፤ ስለዚህ አምስቱም ልብ የሆኑ እጆችም ተቆጥረዋል። "ቢቆጠሩስ፣ ቢያንስ አራት ብለን እንውሰደው" ትሉ ይሆናል። እንዲያም ቢሆን አይሆንም። የልብ ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 3፣ 2 የያዘ አንድ እጅ ውሰዱ። ይህ እጅ "ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 3፣ ከዚያ 2" ተብሎ ተቆጠረ። "ኪንግ፣ 9፣ 6፣ 2፣ ከዚያ 3" ተብሎም ተቆጠረ። አምስተኛዋ የምትባለው ካርታ ከአምስቱ ማንኛዋም ልትሆን ስለምትችል፣ አንዱ እጅ አምስት ጊዜ ገባ።

ቁጥሩ ይመሰክራል። 137,280 − 111,540 = 25,740። ይህ ደግሞ በትክክል 5 × 5,148 ነው። "ቢያንስ አራት" ከፈለጋችሁ መልሱ 111,540 + 5,148 = 116,688 ነው። ስለዚህ "ቢያንስ" የሚል ጥያቄ ሲገጥማችሁ ሁሌ ለያይታችሁ ቁጠሩ፦ ልክ አራት ለብቻ፣ ልክ አምስት ለብቻ፣ ከዚያ ድምር።

አሁን ሁሉንም በ10,000 እጅ እንየው፤ በክፍልፋይ ከማየት ይቀላል።

- 20 ያህሉ ሲታደሉ ራሳቸው አምስቱም አንድ ምልክት ናቸው።
- 429 ያህሉ አራት አንድ ዓይነት ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ካርታ ቢቀይሩ 9/47ኛው ይሞላላቸዋል፤ 82 ያህሉ።
- ድምሩ 102 ነው። ከመቶ 1 ያህል።

አምስት ፍላሽ ካያችሁ አራቱ የተሞሉት በመቀየር ነው ማለት ነው። ሲታደል በቀጥታ የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ሁለት ገደብ አለው። ስትሬት ፍላሹንም አብሮ ይዟል። ተጫዋቹ አራት ሲደርሰው ሁሌ አንዷን እንደሚቀይር፣ ከአራት በታች ይዞ ደግሞ ፍላሽ እንደማያሳድድም ወስዷል። ሦስት ይዞ ሁለት የሚቀይር ሰው ከዚህ በላይ ፍላሽ ያያል፤ ለዚያ ሲል ግን ጥንዱን ሊጥል ይችላል።

ደረጃ 9፦ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት

ወረቀቱን ማመን ካቃታችሁ ሞክሩ። ፍላሽን ራሱን ግን አትጠብቁ፤ 200 እጅ አድላችሁ አንድም የማታዩበት ዕድል ከሦስት ሁለት ያህል ነው። በምትኩ "ልክ አራት አንድ ዓይነት" የሚለውን ቁጠሩ። ከ23 አንድ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታዩታላችሁ።

1. ካርታውን በደንብ በውዙ።
2. ከላይ ጀምራችሁ አምስት አምስት እያደረጋችሁ 10 ክምር አውጡ። ሁለት ካርታ ይተርፋል። እያንዳንዱ ክምር እንደ አንድ እጅ ይቆጠራል፤ በደንብ በተበወዘ ካርታ የመጀመሪያው አምስትና የመጨረሻው አምስት እኩል ዕድል አላቸው።
3. ልክ አራት አንድ ምልክት ያለበትን ክምር መዝግቡ።
4. ይህን 20 ጊዜ ድገሙ። 200 እጅ ሆነ።

የምትጠብቁት 8 ወይም 9 ነው። ከ3 እስከ 14 ቢወጣ አትደንግጡ፤ በ200 ሙከራ እንዲህ ይዋዥቃል። 25 ወይም 30 ከወጣ ግን ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም፣ አበዋወዛችሁ ላይ ነው።

ይህ በእኛ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ብዙዎቻችን ካርታውን የምናነሳው ኮንከር ተጫውተን ስንጨርስ ነው። ኮንከር ላይ አንድ ምልክት ያላቸው ተከታታይ ካርታዎች አብረው ይወርዳሉ። ጨዋታው ሲያልቅ እንዳሉ ይሰበሰባሉ። ልብ ከልብ ጋር፣ ስፔድ ከስፔድ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ሦስቴ ብቻ በውዛችሁ አምስት አምስት እያደረጋችሁ ብትቆርጡት አራትና አምስት አንድ ዓይነት መብዛቱ አይቀርም። ያኔ 2,598,960ዎቹ እጆች እኩል ዕድል የላቸውም፤ ደረጃ 4 ላይ ያልኩት መሠረት ፈረሰ።

መፍትሔው መበወዙን ማብዛት ነው። ካርታውን ለሁለት ከፍሎ ጫፍና ጫፉን እያጠላለፉ መበወዝ 7 ጊዜ ያህል ይፈልጋል። ከእጅ እጅ በጥቂት በጥቂቱ እየጣሉ መበወዝ ግን በጣም ደካማ ነው፤ የተጣበቁትን አብረው ይዞ ያዛውራቸዋል። ማጠላለፍ የማትችሉ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣችሁ በትኑት፣ በሁለት እጃችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አማስሉት፣ ሰብስቡት። ከዚያ 200ውን እንደገና ቁጠሩ።